የካቲት 31፦ ዲግሪ የሌለው ዴቨሎፐር ስለ ራሱ ምን ይጻፍ?

(ደብረ ብርሃን ውስጥ ኮድ የሚማሩ ልጆች በተሰበሰቡበት ቅዳሜ ጠዋት የተናገርኩት ነው። ከድምፅ ቅጂው ላይ እንዳለ ነው የገለበጥኩት። ድግግሞሽ ቢበዛበት አትፍረዱብኝ፤ ንግግር ነው።)

እንደምን አደራችሁ! ብርዱስ እንዴት ነው? ጋቢ ደርባችሁ የመጣችሁ ብልሆች ናችሁ። እኔ ለንግግር ነው ብዬ በሸሚዝ መጥቼ ይኸው እንቀጠቀጣለሁ። ፈርቶ ነው እንዳትሉኝ፤ ከደብረ ብርሃን ብርድ ነው።

ራሴን ላስተዋውቅ። የመንዝ ልጅ ነኝ። አባቴ በግ ያረባል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈተንኩ፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አልመጣልኝም። እዚህ አክስቴ ጋ መጥቼ አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠርኩ። ቀን የሰው ወረቀት እተይባለሁ፤ ማታ በሌሊት ፓኬጅ ኮድ እማራለሁ። ዲግሪ የለኝም። ዲፕሎማም የለኝም። ዛሬ የምተዳደረው ግን ኮድ በመጻፍ ነው።

ሦስት ነገር ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። አንደኛ፣ ማስረጃ የሚሆን ሥራ ምን ዓይነት እንደሆነ። ሁለተኛ፣ እሱን ሁለት ሦስት መስመር ባዮ ውስጥ እንዴት እንደምታስገቡት። ሦስተኛ፣ የት ላይ እንደማይሠራ። የመጀመሪያው ሊረዝምብኝ ይችላል። ታሪኩ የእኔ ነው፤ እሱን ስጀምር አላቆምም።

በመጀመሪያ ስለዚያ ጽሕፈት ቤት አንድ ነገር ልበል። ሦስት ዓመት የሰው ሲቪ ስተይብ ኖሬአለሁ። ስንቱን እንደተየብኩ አልቆጠርኩም። አንድ ነገር ግን አስተውያለሁ። አናቱ ላይ ያለችው አጭር መግለጫ የሁሉም አንድ ናት። «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የሚችል፣ አዲስ ነገር ለመማር ዝግጁ የሆነ።» የአካውንታንቱም፣ የነርሷም፣ የሾፌሩም። በኋላ ላይ እንዲያውም አስቀምጬ ስሙን ብቻ እቀይር ነበር። አትሳቁ፣ የእናንተም ይኖርበታል!

ታዲያ የራሴን ስጽፍ ምን ጻፍኩ? ያንኑ! እንዲህ ይላል፦ «ለቴክኖሎጂ ጥልቅ ፍቅር ያለኝ፣ በራሴ ጥረት የተማርኩ፣ ዲግሪ ባይኖረኝም ማንኛውንም ሥራ በብቃት የምወጣ ዴቨሎፐር።» ከሥሩ የአሥራ አንድ ቋንቋ ስም ደረደርኩ። አንዳንዱን የማውቀው በስም ብቻ ነው። ብዙ ቦታ ላክሁ። ዝም። ጭጭ። አንድ ሰው ብቻ መለሰልኝ። መልሱ አንድ መስመር ነበር፦ «ይሄ ሁሉ እሺ፤ የሠራኸው የቱ ነው?»

የሠራሁት የቱ ነው? ተመልሼ አየሁት። ባዮዬ ውስጥ አንድም የሠራሁት ነገር የለም። ሁሉም ስለ እኔ ጠባይ ነው። ጠባዬን ደግሞ ማን ይመስክርልኝ? ዲግሪ ያለው ሰው እንደፈለገ ቢጽፍ ቢያንስ ወረቀቱ ይናገርለታል። እኔ የምጽፈው እያንዳንዱ ቃል ራሱ መቆም አለበት።

እሺ፣ ወደ አንደኛው ልግባ።

ያኔ በእጄ ምን ነበረኝ? ከቪዲዮ እያየሁ የሠራኋቸው ነገሮች ነበሩኝ። የሥራ ዝርዝር መያዣ፣ የአየር ሁኔታ ማሳያ፣ ካልኩሌተር። ለመማር ጥሩ ናቸው። ማስረጃ ግን አይሆኑም። ለምን? ያንን ቪዲዮ ያየ ሁሉ ያው አለው። የሚያየው ሰው ደግሞ ያውቀዋል፤ ቀለሙ ሳይቀር አንድ ነው። አንድ ጓደኛዬ እንደዚህ ዓይነቱን ይዞ ቃለ መጠይቅ ገባ። «እስቲ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲያሳይ አድርገው» አሉት። አልቻለም። የቱን መስመር መንካት እንዳለበት እንኳ አላወቀም።

ማስረጃ የሚሆነው እናንተ ሳትኖሩ ሌላ ሰው የሚጠቀምበት ነገር ነው። ልድገመው። እናንተ ሳትኖሩ! አጠገቡ ቆማችሁ «እዚህ ጋ ተጫን» ካላችሁ ገና አልተላከም፣ ገና እጃችሁ ላይ ነው።

የእኔው የተገኘው ከእድር ነው። የአክስቴ እድር በወሩ በ12፣ በሚካኤል ዕለት ይሰበሰባል። መዋጮው 50 ብር ነው። እስከ 12 ያልከፈለ ከ13 ጀምሮ 10 ብር ይቀጣል። ገንዘብ ያዧ አንዲት እናት ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። መዝገባቸው ትልቅ ደብተር ነው። አንድ ቀን ጽሕፈት ቤት መጥተው «ልጄ፣ ይቺ ደብተር ልትበጣጠስ ነው፤ ፎቶ ኮፒ አንሳልኝ» አሉኝ። ገለጥኩት። ስም፣ ወር፣ ምልክት፣ ቅጣት። ይሄንማ እሠራዋለሁ አልኩ።

ሠራሁት። በስልክ ብሮውዘር የሚከፈት ገጽ ነው፤ በጃቫስክሪፕት። አንዴ ከተከፈተ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ መዝገቡን እዚያው ስልኩ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ሰርቨር የለውም፤ ለሰርቨር የምከፍለው ብር አልነበረኝም። ግን አንድ አደጋ አለው። ሰውየው የብሮውዘሩን ዳታ ካጠፋ መዝገቡም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ቁልፍ ጨመርኩ። ስትጫኑት የወሩን መዝገብ በፋይል አውጥቶ በቴሌግራም ይልካል። እትዬ በየወሩ ለአክስቴ ይልካሉ። በ2014 ዓ.ም. ተጀመረ። ከዚያ ሁለት ሌሎች እድሮች ወሰዱት። እኔ ሳልኖር!

ሁለት ዓመት ምንም አልሆነም። ሁለት ዓመት! «ሠርቼ ጨረስኩ» ብዬ ነበር።

ከዚያ መስከረም 12 ቀን 2016 መጣ። ቅዳሜ ነበር። በአዲስ ዓመት የመጀመሪያው ስብሰባ ነው፤ ሰው በጠዋት ወጥቶ ከፈለ። ከረፋዱ ላይ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ናቸው። «አንተ ልጅ! ያ ያንተ ነገር ሰውን ሁሉ ቀጣው!» ሄድኩ። 61 ሰው ከፍሏል። 61ዱም ተቀጥቷል። 610 ብር ቅጣት! ስልኩን አየሁት። «መስከረም 13» ይላል።

ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ፕሮግራሙን ስሠራ ግድግዳ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየሁ። መስከረም 1 መቼ ነው? ሴፕቴምበር 11። ጥቅምት 1? ኦክቶበር 11። እንዲህ እያልኩ የአሥራ ሦስቱንም ወር መነሻ በሠንጠረዥ ጻፍኩ። ለ2014 ልክ ነው። ለ2015ም ልክ ነው። ግን 2015 ላይ ጳጉሜ ስድስት ቀን ነበረች። ስለዚህ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ገና ጳጉሜ 6 ነው። የእኔ ፕሮግራም ግን አዲስ ዓመት አወጀ! ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ ቀን እየቀደመ ሄደ።

እኔስ ምን አደረግሁ? አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ሰው ቆሞ ይጮኻል። አቀርቅሬ አንድ መስመር ጻፍኩ፦ ከዛሬው ቀን አንድ ቀንስ። «መስከረም 12» አለ። ቅጣቱን አነሳን። እትዬም መረቁኝ። ወደ ቤቴ ሄድኩ።

አምስት ወር ምንም የለም። መጋቢት 1 ቀን እሁድ ነበር። ከቅዳሴ መልስ እትዬ ደወሉ። በዚህኛው አልጮኹም። እንዲያውም እየሳቁ ነው። «ልጄ፣ የካቲት 31 የሚባል ቀን የት አገር ነው ያለው?»

የካቲት 31! እኛ አገር ወር ሠላሳ ነው። ሠላሳ አንድ የሚባል ነገር የለም። ሕፃን ያውቀዋል። የእኔ ፕሮግራም አያውቅም።

ለምን መጣ? ይቺን ተከተሉኝ። የእኛ ጳጉሜ ላይ አንድ ቀን ስትጨመር፣ ፈረንጆቹ ደግሞ በተከታዩ ፌብሩዋሪ ላይ አንድ ቀን ይጨምራሉ። በ2024 ፌብሩዋሪ 29 ነበረች። ስለዚህ ልዩነቱ መጋቢት 1 ላይ ተመልሶ ይስተካከላል። መጋቢት 1 በእኛ ዘመን ሁልጊዜ ማርች 10 ነው። ማለትም የእኔ ሠንጠረዥ ከመጋቢት በኋላ በራሱ ልክ ይሆን ነበር! የጨመርኳት «አንድ ቀንስ» ግን አልቆመችም። ማርች 10ን ማርች 9 አደረገችው። ሠንጠረዡ ደግሞ የካቲት የገባው ፌብሩዋሪ 8 ነው ብሎ ቆጠረ። ፌብሩዋሪ 29 ስለተጨመረች ቆጠራው 31 ላይ ደረሰ።

በጣም አስቸጋሪው ስህተት ይሄ ነው። በራሱ መጥቶ በራሱ የሚሄድ። ያቺን መስመር ባልጨምር ኖሮ መጋቢት ላይ ሁሉም ነገር ይስተካከል ነበር፤ እኔም አራት ዓመት እስኪመጣ ተኝቼ እቀር ነበር።

እትዬ ቤት ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ አስቀመጡኝና «አምና ዘመኑ የማን ነበር?» አሉኝ። አላውቅም አልኩ። «ሉቃስ ነበር። በሉቃስ ጳጉሜ ስድስት ናት። ዘንድሮ ዮሐንስ ነው። ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ። ይሄን ሳታውቅ ነው እድር የምትቆጥርልን?» አሉኝ። እኔ ይሄን ነገር ኢንተርኔት ላይ በእንግሊዝኛ ስፈልግ ነው ያደርኩት። መልሱ ረከቦቱ አጠገብ ቁጭ ብሏል።

እሳቸው ያሉት ወደ ኮድ ሲገለበጥ ይቺ ናት፦ ዓመተ ምሕረቱን ለአራት ስታካፍሉት ቀሪው ሦስት ከሆነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜ ስድስት ትሆናለች። ስለዚህ ቀጥሎ ያለው ዓመት፣ ዮሐንስ፣ የሚገባው ሴፕቴምበር 12 ነው። ሌላው ሁሉ 11።

```
// እስከ 2092 ዓ.ም. ብቻ ይሠራል
function newYearDay(ethYear) {
  return ethYear % 4 === 0 ? 12 : 11;
}
```

ሠንጠረዡን ጣልኩት። ከአዲስ ዓመት ጀምሮ ስንት ቀን እንዳለፈ መቁጠር ብቻ ነው። ለ30 አካፍሉት፤ ድርሻው ወሩን ይሰጣችኋል፤ ቀሪው ቀኑን። ሁለቱም ላይ አንድ ጨምሩ። ለ30 ስታካፍሉ ቀሪው ከ29 አይበልጥም። የካቲት 31 ቢፈልግ እንኳ ሊመጣ አይችልም።

2092 ያልኩት ለምን መሰላችሁ? ፈረንጆቹ በ2100 ፌብሩዋሪ 29 የላቸውም፤ እኛ ግን ጳጉሜ 6ን አንዘልም። ከዚያ በኋላ ልዩነቱ በአንድ ቀን ይሰፋል። ያኔ የእኔ ፕሮግራም ላይኖር ይችላል። ግን የሚሠራበትን ልክ መጻፍ የእኔ ድርሻ ነው።

ከዚያ አራት ፈተና ጻፍኩ። የተሳሳትኩባቸውን ቀኖች ነው የመረጥኩት፦

```
2023-09-11 -> 2015-13-06
2023-09-12 -> 2016-01-01
2024-03-09 -> 2016-06-30
2024-03-10 -> 2016-07-01
```

ኮዱን በነካሁ ቁጥር እነዚህ አራቱ ይሮጣሉ። አንዷ ከወደቀች አልልከውም።

እንዳልኳችሁ አንደኛው ረዘመ። ወደ ሁለተኛው ልሂድ፤ ባዮው።

ያኔ የመጣልኝ ሐሳብ ይሄን ጉድ መደበቅ ነበር። የማይደበቅ ሆነ እንጂ! ኮሚቶቹ ሁሉ ጊትሃብ ላይ አሉ። «አንድ ቀንስ» ያልኳትም በቀኗ አለች። ላጥፋው ወይ? አልኩ። ከዚያ ያቺ አንድ መስመር መልስ ትዝ አለችኝ። «የሠራኸው የቱ ነው?» የሠራሁትማ ይሄ ነው። ሁለት ዓመት ልክ የሠራው አይደለም፤ ያን ቢሆን ማንም ይሠራዋል። ተበላሽቶ ያገኘሁትና ያስተካከልኩት ነው።

ጊትሃብ ላይ ባዮ 160 ፊደል ብቻ ነው የሚፈቅደው። ጥብቅ ነው። ጥብቅነቱ ግን ይጠቅማል። «ታታሪ» ለሚለው ቦታ የለም። አዲሱ የእኔ ባዮ እንዲህ ሆነ፦

«የእድር መዋጮ መመዝገቢያ ሠርቻለሁ። ከ2014 ጀምሮ ደብረ ብርሃን ውስጥ 3 እድሮች ይጠቀሙበታል። ቀን የሚቀይረውን ክፍል የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ ኮዱና ፈተናው ከታች አለ።»

አንድ በአንድ እንየው። «ሠርቻለሁ» ይላል፤ «መሥራት እችላለሁ» አይልም። «3 እድሮች» ይላል፤ «ብዙ ተጠቃሚ» አይልም። ሦስት ትንሽ ነው? ትንሽ ነው። ግን እውነት ነው፤ ተጠይቄ ማሳየት እችላለሁ። እንዴት? በየወሩ የሚላከው ፋይል አለ። ፋይሉ ካልመጣ እድሩ አቁሟል ማለት ነው፤ እኔም ቁጥሩን እቀንሳለሁ። እንዲያውም አንዱ እድር ለሦስት ወር ፋይል ሳይልክ ቀርቶ ባዮዬን ወደ 2 ቀይሬው ነበር። ለካ ገንዘብ ያዡ ስልክ ቀይረው ነው።

«ቀን የሚቀይረውን ክፍል የጻፍኩት ራሴ ነኝ» የምትለዋ በጣም የምትጠቅመኝ ናት። ሁሉን ነገር እኔ አልጻፍኩም። መልኩን ያሳመርኩት በሌላ ሰው ነጻ ኮድ ነው። ስለዚህ የራሴን ለይቼ አስቀመጥኩ። በቡድን ከሠራችሁ ይሄ የግድ ነው። የሚያይ ሰው `git shortlog -sn` ብሎ ማን ስንት ኮሚት እንዳለው ወዲያው ያያል። «ሠራሁ» ብላችሁ ሦስት ኮሚት ብቻ ካላችሁ ይደብራል። በእርግጥ የኮሚት ብዛት ራሱ ብዙ አያሳይም፤ ፊደል እያስተካከለ መቶ የሚያደርስ አለ። ክፍሉን በስም መጥራት ነው የሚሻለው።

ስለ ዲግሪስ? እዚያ ውስጥ የለም። «ዲግሪ ባይኖረኝም» የምትለዋን አወጣኋት። ማንም ሳይጠይቀኝ ይቅርታ ስጠይቅ ነበር! ደብቄው ግን አይደለም። ሲቪው ላይ የትምህርት ደረጃ በሚለው ቦታ «12ኛ ክፍል» ብዬ ነው የምጽፈው፤ አለቀ። «ዩኒቨርሲቲ ተምሯል» የሚያስመስል ነገር አልጽፍም። አንድ ጊዜ ከተነቃባችሁ እድሩም የለ፣ ኮዱም የለ፣ ማንም አያምናችሁም።

ባዮው አጭር ነው፤ ዝርዝሩ የት ይግባ? `README.md` ውስጥ። ከጊትሃብ ስማችሁ ጋር አንድ ዓይነት ስም ያለው ሪፖ ለሰው ከከፈታችሁ የእሱ `README.md` መለያችሁ ገጽ ላይ ይታያል። እኔ እዚያ አንድ ርዕስ ብቻ ነው ያለኝ፦ «የካቲት 31»። ምን እንደተበላሸ፣ ለምን፣ እንዴት እንዳገኘሁት፣ ምን እንደቀየርኩ፣ እስከ መቼ እንደሚሠራ። አንድ ገጽ አይሞላም። ሪፖዎችን አናት ላይ መስቀልም ይቻላል፤ እስከ ስድስት ይፈቅዳል። እኔ ሁለት ብቻ ሰቅያለሁ። ካልኩሌተሩን አወረድኩት፤ ነፍሱን ይማር!

አሁን አንድ ያሳፈረኝን ነገር ልናገርና ልቀጥል። መጀመሪያ ሪፖውን ለሰው ስከፍት እውነተኛው የእድር መዝገብ ውስጡ ነበር። የሰው ስም። ማን ስንት ወር እንዳልከፈለ። እናንተ፣ እድር ውስጥ ያልከፈለ ሰው ስሙ ሲነሳ ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቃላችሁ! ደንግጬ ፋይሉን አጠፋሁት። ተገላገልኩ ብዬ። አልተገላገልኩም። ጊት የድሮውን ሁሉ ያስቀምጣል፤ ወደ ኋላ ኮሚቱን የከፈተ ያየዋል። ሪፖውን ከነአካቴው ሰርዤ ፋይሉ የሌለበትን ኮድ በአዲስ ከፈትኩ። የቀኑን ክፍል ታሪክ ግን ለብቻው ይዤ ስለነበር እሱ ተረፈ። አሁን ለማሳያ የፈጠርኳቸው ስሞች ናቸው ያሉት። የይለፍ ቃል ወይም ቁልፍ ያለበት ፋይልም እንዲሁ ነው። አንዴ ከወጣ ማጥፋት አይበቃም፤ ቁልፉን መቀየር ነው።

ሌላው፣ ከመላካችሁ በፊት በሌላ ሰው ኮምፒውተር ሞክሩት። እኔ የአጎቴ ልጅ ላፕቶፕ ላይ በ`git clone` አውርጄ የጻፍኩትን መመሪያ ብቻ እየተከተልኩ ሞከርኩት። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ቆመ። የእኔ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ያለ ፋይል ይፈልግ ነበር። እኔ ጋ ይሠራል። እኔ ጋ ብቻ! ሊቀጥረኝ ያሰበ ሰው እዚያ ላይ ቢደርስ ይጠብቀኛል? ትቶኝ ነው የሚሄደው። በነጻ የሚከፈትበት አድራሻም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው አድራሻዬ የነበረበት ነጻ አገልግሎት ቆሞ፣ ባዮዬ ላይ ያለው ሊንክ ለወራት ባዶ ገጽ ሲከፍት ነበር። እኔ አላወቅሁም። አሁን በየወሩ በ12፣ ልክ እንደ እድሩ፣ ሊንኬን ከሰው ስልክ እከፍተዋለሁ።

ሦስተኛው አጭር ነው። የት አይሠራም? የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ «ዲግሪ» ካለ ዲግሪ ነው። የካቲት 31ን እዚያ ይዛችሁ ብትሄዱ መዝገብ ቤቷ «ወረቀትህስ?» ነው የምትላችሁ። እሷ አልበደለችም፤ የምትሞላው ቅጽ ያንን ነው የሚጠይቃት። እዚያ ጊዜ አታጥፉ፤ ወይም ተምራችሁ ወረቀቱን ያዙ። ሌላው ለሰው የሠራችሁት ሥራ ነው። ኮዱ የደንበኛው ነው፤ አውጥታችሁ ማሳየት አትችሉም። እንደዚህ ዓይነት ሲሆን ደንበኛውን አስፈቅዳችሁ ምን እንደሠራችሁ ብቻ ጻፉ፤ ከእሱ ውስጥ አንድ ትንሽ ክፍል በራሳችሁ ከዜሮ ሥሩና እሱን አሳዩ። ቀን መቀየሪያውን ለብቻው ሪፖ ያደረግሁት ለዚህም ነው።

ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝን ልመልስና ልጨርስ። «ቃለ መጠይቁ እንዴት ነበር?» ይሉኛል። አዲስ አበባ ነበር። ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ስለ ዲግሪ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ የለኝም አልኩ። ሁለተኛዋ ላፕቶፗን አዙራ አሳየችኝ። ያቺ «አንድ ቀንስ» ያልኳት ኮሚት ተከፍታለች። «ይሄን ስትጽፍ ምን እያሰብክ ነበር?» አለች። እውነቱን ተናገርኩ። 61 ሰው ቆሞ እየጮኸብኝ ነበር አልኩ። ሳቀች። ከዚያ ወደ ሃያ ደቂቃ ስለ ጳጉሜ ብቻ ነው ያወራነው። «ጳጉሜ 6 ላይ የተወለደ ሰው ልደቱን ፕሮግራምህ መቼ ነው ብሎ ያሳየዋል?» አለችኝ። አላሰብኩበትም ነበር፤ አላሰብኩበትም አልኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለሦስት ወር ሙከራ ቀጠሩኝ።

ባዮዬ ላይ አሁንም ያልጻፍኳት አንድ ነገር አለች። «ተስተካክሏል» አላልኩም፤ «ፈተናው አለ» ነው ያልኩት። ለምን? ያስተካከልኩት በመጋቢት 2016 ነው። ከዚያ ወዲህ ጳጉሜ 6 አልመጣችም። አራቱ ፈተናዎች ያልፋሉ፤ እውነተኛው ቀን ግን ገና ነው። የሚቀጥለው ሉቃስ 2019 ነው። መስከረም 12 ቀን 2020 ጠዋት እድሩ ደጃፍ ላይ ቆሜ ነው የምጠብቀው። እትዬም ነግረውኛል፤ የዚያን ቀን ደብተራቸውንም ይዘው ይመጣሉ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው? እዚያ ኋላ፣ ጋቢ የለበስከው ወንድሜ፤ ጋቢህን ካዋስከኝ አንተን አስቀድማለሁ።